የቅናት መንፈስ ሲመጣ፦ የሚወድና የሚቆጣጠር በምን ይለያሉ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

ባለፉት ሳምንታት ከጉባኤ በኋላ ለምክር ከመጡት እኅቶች መካከል ብዙዎቹ በተለያየ አነጋገር አንድ ጥያቄ ጠየቁን። «አባቴ፣ እጮኛዬ በጣም ይቀናል። ይህ ፍቅር ነው ወይስ ሌላ ነገር?» የሚል ነው። አንድ ወንድማችንም ከሌላው ወገን ሆኖ፣ «የሚስቴን ስልክ ሳልፈትሽ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ምን ላድርግ?» ብሎናል። ለሁሉም በየተራ ከምንመልስ እዚህ ልንነጋገርበት ወደድን።

በአገራችን «ካልቀና አይወድም» ይባላል። ብዙዎቻችን ይህንን ሰምተን ስላደግን፣ የማይጠይቀንና የማይቆጣን ሰው የረሳን ይመስለናል። ነገሩ ጭራሽ ውሸት አይደለም። በኦሪት ዘጸአት እግዚአብሔር ራሱ ቀናተኛ አምላክ ተብሎ ተጠርቷል፤ ቅዱስ ጳውሎስም የቆሮንቶስን ምእመናን በአምላካዊ ቅንዓት እንደሚቀናላቸው በሁለተኛ መልእክቱ ጽፎላቸዋል። የምንወደውን ሰው ማጣት ያስፈራል፤ ፍርሃቱ ሲመጣም ልብ ይደነግጣል፣ ሆድ ይባባል። ይህ ስሜት በራሱ ኃጢአት ነው አንልም። ቅዱስ ጳውሎስ ግን በዚያው ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው የመጀመሪያ መልእክት ፍቅር እንደማይቀና ይናገራል። ታዲያ አንዱን ከሌላው በምን እንለያለን?

መልሱን ብዙ ሰው ከማያነበው ቦታ፣ ከኦሪት ዘኁልቍ ምዕራፍ 5 እንጀምር። እዚያ ስለ ቀናተኛ ባል የተሠራ ሕግ አለ። አንድ ሰው በሚስቱ ላይ የቅናት መንፈስ ቢመጣበት፣ ምስክርም ባይኖር፣ ምን ያድርግ? ሕጉ ቤትህ ውስጥ መርምራት አላለውም፤ ምታት፣ ዝጋባትም አላለውም። ወደ ካህኑ ይዟት ይመጣል። የኢፍ መስፈሪያ ዐሥረኛ እጅ የሆነ የገብስ ዱቄት ያቀርባል፤ ዘይት አይፈስበትም፣ ዕጣንም አይጨመርበትም። ካህኑ በሸክላ ዕቃ የተቀደሰ ውኃ ይቀዳል፣ ከማደሪያው ወለል ትቢያ ወስዶ ይጨምርበታል፣ የመርገሙን ቃል ጽፎ በውኃው ያጥበዋል። ከዚያ በኋላ ፍርዱ የእግዚአብሔር ነው። ንጹሕ ከሆነች ምንም አይነካትም፤ ነጻ ሆና ልጅ ትወልዳለች።

ዛሬ ይህን ስናነብ ከባድ ይመስለናል፤ ሚስትም ባሏን የምታመጣበት ሥርዓት በምዕራፉ የለም። ቢሆንም ሁለት ነገሮችን እናስተውል። የመጀመሪያው፣ የቅናት መንፈስ ሴቲቱ በደለኛ ብትሆንም ባትሆንም ሊመጣበት እንደሚችል መጽሐፉ በግልጽ ያስቀምጣል። ቅናት ማስረጃ አይደለም ማለት ነው። ልቤ ነግሮኛል የሚል ሰው ልቡ የነገረው ፍርሃቱን ነው እንጂ እርሷ ያደረገችውን አይደለም። ሁለተኛው፣ ሕጉ ፍርዱን ከባልየው እጅ ይወስዳል። የቀናው ሰው ከሳሽ ሊሆን ይችላል፤ ዳኛም መርማሪም ቀጪም መሆን ግን አይችልም። ጥርጣሬው ከቤት ወጥቶ በሰው ፊት፣ በብርሃን ይታያል፤ ውኃው ከተጠጣ በኋላም ነገሩ ይዘጋል፤ ነገ ደግሞ ጠጪ አይባልም።

ይህ ውኃ በእኛ ዘንድ ማየ ዘለፋ ይባላል። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ እንደጠጡት ታውቃላችሁ። ዮሴፍን ደግሞ በማቴዎስ ወንጌል እንየው። ለእርሱ ታጭታ ሳለች ፀንሳ ተገኘች፤ ለማንም ሰው ከዚህ የበለጠ የጥርጣሬ ምክንያት አይገኝም። ዮሴፍ ግን ሊያጋልጣት አልፈለገም። ቢጠራጠር እንኳ ያሰበው የራሱን እርምጃ ነበር፤ በስውር ሊተዋት አሰበ እንጂ ሊያዋርዳት አላሰበም። መልአኩ እውነቱን በነገረው ጊዜ ደግሞ አመነ፤ ጥያቄውም በዚያው አበቃ።

አሁን ወደ እኛ ኑሮ እንምጣ። የምንነግራችሁ ታሪክ የአንዲት እኅት ብቻ አይደለም፤ ማንም እንዳይታወቅ የብዙዎችን አንድ ላይ አድርገነዋል።

እኅታችን በሰው ቤት ትሠራለች። ስልኳን በእጇ የምታገኘው ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ወዲያ ነው። እጮኛዋ እዚሁ አገር በሌላ ከተማ ሹፌር ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር ደስ ይል ነበር። በቀን አሥር ጊዜ «የኔ ቆንጆ፣ በላሽ? ደከመሽ?» ይላታል። በስደት ላይ ላለ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ስሟን በወጉ የሚጠራት የለምና።

በሦስተኛው ወር አንድ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኳ ኦንላይን እንደሆነ አየ። «ከማን ጋር ነበርሽ?» አላት። ስብከት እያዳመጠች ነበር፤ ይህንኑ ነገረችው። እስከዚህ ድረስ ምንም ክፉ ነገር የለም። ጠየቀ፣ ተመለሰለት። ችግሩ ከመልሱ በኋላ ጀመረ፤ አላመናትም። «ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ» አለ፤ ላከች። በሳምንቱ ደግሞ በቪዲዮ ደውሎ ካሜራውን ክፍሉ ውስጥ አዙሪው አላት። ያ የሰው ቤት ነው። ማዳሟ ብታያት ቤታችንን ቀረጽሽ ብላ ከሥራ ልታስወጣት፣ ልታስከስሳትም ትችላለች። እርሱ ይህን ያውቃል፤ ሹፌር ነው፣ የአገሩን ሕግ ከእርሷ በላይ ያውቃል። ያም ሆኖ የእርሷን አደጋ ከራሱ ዕረፍት አሳንሶ አየው።

ከዚያ «ያለሽበትን ቦታ የሚያሳየውን ክፈቺው» መጣ። ቀጥሎ «ፍቅር ካለ ምን ምስጢር አለ» ተብሎ የስልኳ ቁልፍ ቁጥር ተጠየቀ። በአንድ ዕረፍቷ ቀን ሲገናኙ ስልኳን ተቀብሎ ዋትስአፗን ከራሱ ስልክ ጋር አገናኘው፤ ከዚያ ወዲህ የምትጽፈውን ሁሉ ያነብ ጀመር። የአጎቷን ልጅ ቁጥር አስጠፋት። «መዘምራን መካከል ወንዶች አሉ» ብሎ ዓርብ ዓርብ ቤተ ክርስቲያን እንዳትመጣ አደረጋት። ገንዘቡ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከ1,000 ሪያል ደመወዟ 700ውን እኔ ላስቀምጥልሽ አለ። እምቢ ስትል ድሮ የላከችለትን ፎቶ ለወንድሟ እንደሚልክ ነገራት፤ በማግሥቱ ደግሞ ብትተዪኝ ራሴን አጠፋለሁ ብሎ አለቀሰ።

በተከታታይ ሦስት ዓርብ ስትቀር ጓደኞቿ ፈልገው አገኟት። ወደ እኛ ስትመጣ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል፣ «አባቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስለሚወደኝ ነው እንዲህ የሚሆነው» የሚል ነበር።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት እንናዘዝ። በመጀመሪያው ቀን ከመካከላችን አንዱ፣ «ታገሺው ልጄ፣ ስትጋቡ ይተወዋል» አላት። ቅን ምክር መስሎን ነበር። ስሕተት ነው። ቁጥጥር በቀለበት አይቆምም፤ ጋብቻ ለሚቆጣጠር ሰው ተጨማሪ መብት መስሎ ይታየዋል እንጂ አያሳርፈውም። እንዲህ ያለ ምክር ከእኛም ሆነ ከሌላ ሰው ሰምታችሁ ከሆነ ይቅርታ እንጠይቃለን።

የዚህ ሰው ነገር መቼ ነው ከቅናት ወደ ሌላ ነገር የተሻገረው? ብዙ ሰው ስልኳን በወሰደ ጊዜ ይላል። እኛ ግን ቀደም ብሎ፣ መልሷ ጥያቄውን መዝጋት ያቃተው ዕለት ነው እንላለን። ጤነኛ ቅናት መልስ ይፈልጋል፤ መልስ ሲያገኝም ይበርዳል። ቁጥጥር ግን የሚፈልገው መልስ ሳይሆን መታዘዝ ስለሆነ እያንዳንዱ መልስ ሌላ ትእዛዝ ይወልዳል። ፎቶ ከላክሽ ቪዲዮ፣ ቪዲዮ ካሳየሽ ቁልፍ ቁጥር። በእሺታሽ ሰላም እንደማይገዛ የምታውቂው ጥያቄው ወር በወር እያደገ መሄዱን ስታዪ ነው።

ሌላም መለያ አለ። ሕጉ ለሁለቱም ነው ወይስ ለአንዷ ብቻ? እርሱ ስልኩን ሰጥቷት አያውቅም፤ ያለበትንም ቦታ አታይም ነበር። ደግሞም እየቀነሰ የሄደውን ነገር ተመልከቱ፤ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ገንዘብ። ቅናት ማጣትን ይፈራል፤ የአጎት ልጅና የሐዋላ ደረሰኝ ግን ከፍቅር ማጣት ጋር ምን አገናኛቸው? እኅቶቼ፣ እኅታችን ራሷ የነገረችንን አንድ ነገር ልብ በሉ። «ስልኬ ሲጠራ የሚመጣብኝ ደስታ ሳይሆን የሆድ ሕመም ነበር» አለችን። ምን መልስ እንደምትሰጥ በልቧ ሳታጠና ስልክ አታነሣም ነበር።

ቅናት ያለበት ሁሉ ግን እንዲህ ነው ብላችሁ እንዳትፈርዱ፣ የሌላ ወንድማችንን እንንገራችሁ። ሚስቱ ሆቴል ትሠራለች። የማታ ፈረቃ ሲሆን አውቶቡስ ስለማይገኝ አለቃዋ በመኪናው ያደርሳታል። ወንድማችን በመስኮት ሲያያት ደሙ ፈላ። ያን ሌሊት ምንም አልተናገረም፤ በማግሥቱ ቁርስ ላይ፣ «አንቺ ያጠፋሽው የለም፤ ነገር ግን ትናንት ቅናት ያዘኝ፤ ከምደብቅሽ ልንገርሽ ብዬ ነው» አላት። እርሷም መኪናው ውስጥ ሌሎች ሦስት ሴቶች እንዳሉ፣ እርሷ የመጨረሻዋ ወራጅ እንደሆነች ነገረችው። አለቃዋን ሰላም ልበለው አለ፤ አንድ ቀን ወርዶ ሰላም አለው፣ አመሰገነውም። አለቀ።

እውነቱን ለመናገር በልቡ አላለቀም ነበር፤ በሳምንቱ ስሜቱ ተመልሶ መጣበት። በዚህ ጊዜ ግን ሚስቱን ዳግመኛ አልጠየቀም፤ ወደ ንስሐ አባቱ ደወለ። ምክንያቱን ሲያስረዳን፣ «እርሷ መልሳለች፤ የቀረው የእኔ ሕመም ነው» አለ። ተመልከቱ፤ ሁለቱም ሰዎች የተሰማቸው አንድ ዓይነት ስሜት ነው፣ ምናልባትም የዚህኛው ይብስ ነበር። ስሜቱን የማን ሸክም እንዳደረጉት ነው የሚለያዩት። ይኸኛው ስሜቱን ራሱ ተሸከመ፤ ያኛው በእርሷ ላይ ጫነባት።

ስልክ ሳልፈትሽ አልተኛም ላልከን ወንድማችን፣ የምታውቀውን እንንገርህ። ፈትሸህ ምንም ስታጣ ታርፋለህ፤ ዕረፍቱ ስንት ደቂቃ ይቆያል? ከዚያ አጥፍታው ቢሆንስ የሚል ይመጣል። እከክን ማከክ ነው፤ ባከክኸው ቁጥር ይብሳል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ስትፈልገው ስልኩን አትንካ፣ ሌሊትም አትከራከር። ወረቀት ወስደህ በዓይንህ ያየኸውን በአንድ ወገን፣ አንተ የጨመርኸውን በሌላ ወገን ጻፍ። ጠዋት አንብበው። በዓይንህ ያየኸው ነገር ካለ በቀን ጠይቃት፤ ከሌለ ለንስሐ አባትህ ንገር። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ስለ ድንግልና በጻፈው መጽሐፉ የቀናተኛ ባልን ቤት ሲገልጽ፣ ከሚስቱ ባልተናነሰ ባልየው ራሱ ዕረፍት እንደሌለው ያሳያል። አንተም እየተሠቃየህ እንደሆነ እናውቃለን። ሴቶችም በዚህ ነገር አሉ፤ በአገር ቤት ያለውን ባላቸውን በየሰዓቱ በቪዲዮ የሚያስፈትሹ እኅቶች ይህ ለእነርሱም ነው።

ጥርጣሬው እውነት ሆኖ ቢገኝስ? ይህንንም ተጠይቀናል። ሆኖ ያውቃል፤ መታለል አለ። የተታለለ ሰው ማዘን፣ ሽማግሌ መጥራት፣ መለየትም ይችላል። መምታት፣ ስልክ መቀማት፣ ደመወዝ መያዝ፣ ፎቶ መበተን ግን አይችልም። ጥርጣሬህ ትክክል መሆኑ ዳኛ አያደርግህም፤ የኦሪቱም ሕግ ይህንን ነው የከለከለው።

አሁን በዚህ ውስጥ ላላችሁ እኅቶች ከእኅታችን ጋር ያደረግነውን በቅደም ተከተል እንንገራችሁ። መጀመሪያ አልተቆጣንም፣ ዛሬውኑ ተይው ብለንም አላጣደፍናትም። የሚያስፈራራ ሰው ይበልጥ አደገኛ የሚሆነው ሊተዉት መሆኑን ሲያውቅ ስለሆነ፣ በአካል ብቻዋን ሄዳ እንዳትነግረው ተስማማን። ዛቻዎቹን የጻፈባቸውን መልእክቶች እንዳታጠፋ አልን፤ ፎቶ አንስታ ለታመነች ጓደኛዋ ላከች። ከዚያ ለወንድሟ ከእርሱ በፊት እርሷ ራሷ ደውላ ስለ ፎቶው ነገረችው። ያ ስልክ ጥሪ ከሁሉ ይከብዳት ነበር፤ አጠገቧ ተቀምጠናል። ወንድሟ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ «አንቺ ደኅና ነሽ?» አላት። ዛቻው በዚያች ደቂቃ ጉልበቱን አጣ።

ስልኩን ያስተካከልነው ከዚህ በኋላ ነው። ዋትስአፕ ውስጥ Linked devices የሚለውን ስትከፍቱ መለያችሁ የተገናኘባቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች ይታያሉ፤ የማታውቁትን አስወጡት። ቴሌግራም ላይም Devices የሚል ተመሳሳይ ቦታ አለ። የስልኩን ቁልፍ ቁጥርና የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ቀየረች፤ ያለችበትን ቦታ የሚያሳየውን ዘጋች። ማስጠንቀቂያችን አንድ ነው። ይህን ስታደርጉ ሰውየው ወዲያው ያውቃል፤ ስለዚህ ደኅና ቦታ ሳትሆኑና የሚያውቅላችሁ ሰው ሳይኖር አታድርጉት። ፖሊስ ጋ ስለ መሄድም፣ እዚህ አገር ፎቶና የፍቅር ግንኙነት ራሱ በሕግ ሊያስጠይቅ ስለሚችል፣ ሕጉን የሚያውቅ ሰው አማክሩ። እጅ ከተነሣ ግን ማማከር አይቀድምም፤ ከቦታው መውጣት ይቀድማል።

ራሴን አጠፋለሁ ስላለው ነገር፣ ዝም አላልንም። እውነትም ሊሆን ስለሚችል ሁለት ወንድሞችን ልከን አብረውት አደሩ። ሕይወቱን መጠበቅ የእኅታችን ብቻዋን ሸክም አልነበረም።

በስልክ መለያየቷን ከነገረችው በኋላ ወደ እኛ ሁለት ጊዜ መጣ። በመጀመሪያው ተቆጣ፤ በሁለተኛው በልጅነቱ ስለተወችው እናቱ አወራን፣ አለቀሰም። ሦስተኛ ቀጠሮ ሰጥተነው ቀረ። አሁንም በጸሎት እናስበዋለን፤ ይህን እያነበበ ከሆነ በሩ ክፍት ነው። ደመወዟ ግን አልተመለሰም። እኅታችን ዓርብ ዓርብ ትመጣለች፤ ስልኳ ሲጠራ አሁንም ትደነግጣለች።

ከጉባኤ በኋላ ለብቻ መነጋገር የምትፈልጉ፣ ዘወትር ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ በግራ በኩል ባለው ክፍል እንጠብቃችኋለን። ስልክ የሚነበብባችሁ ከሆነ እዚህ አትጻፉልን፤ በአካል ኑ፣ ወይም በጓደኛ ስልክ ደውሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።